የመሠረቱ ቁጥር ከየት መጣ?

ቤት ወይም ፎቅ ለመሥራት የተነሳ ሰው «ሶይል ቴስት» አሠርቶ ወፍራም ጥራዝ ይቀበላል። አብዛኛው ሰው በቀጥታ የሚገልጠው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው። እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ መሠረቱ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚቀመጥና አፈሩ ስንት ኪሎ ፓስካል እንደሚሸከም የሚናገር። ስትራክቸራል መሐንዲሱም ያንን ቁጥር ወስዶ የፉቲንጉን ስፋት ያሰላል።

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። አንባቢው በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አስቀምጦ፣ ገጽ በገጽ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት በወጣ ናሙና ላይ እንደተመሠረተ ማየት ካልቻለ ሪፖርቱ አልተጻፈም። ብዙ ሪፖርቶች የቁፋሮ መዝገብ አላቸው፣ የላቦራቶሪ ሠንጠረዥ አላቸው፣ ምክረ ሐሳብም አላቸው። የሚጎድላቸው መካከለኛው ምዕራፍ ነው፤ ከመረጃ ወደ ውሳኔ የተሄደበትን መንገድ የሚያሳየው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዩሮኮድ 7ም ቢሆን የምርመራ ሪፖርት የተገኘውን መረጃ ማቅረብ ብቻ ሳይሆን መገምገምና በትርጓሜው ውስጥ የተወሰዱትን ግምቶች መግለጽ እንዳለበት ያዝዛል።

ለማስረዳት የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ፣ ጥቁር አፈር በሚበዛበት በቦሌ በኩል፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ነው እንበል። ሦስት የቁፋሮ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው 12 ሜትር ወርደዋል። በሦስቱም ከላይ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ከሥሩ ጠንከር ያለ ቡናማ ሸክላ፣ ከ8 ሜትር ገደማ በታች ደግሞ በከፊል የፈረሰ ባሳልት ተገኘ። የጥቁሩ አፈር ውፍረት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው ጉድጓድ 3.2 ሜትር፣ በሁለተኛው 3.5፣ በሦስተኛው 4.6 ሜትር ነው።

የሪፖርቱ የመጀመሪያ ክፍል ይህንን ያለ ምንም አስተያየት ማቅረብ አለበት። ጉድጓዶቹ የት እንደተቆፈሩ በካርታ፣ ውሃ በስንት ሜትር እንደተገኘ፣ ናሙናዎቹ ከስንት ሜትር እንደወጡ ይጻፋል። የመዶሻ ሙከራው ውጤትም ይኖራል፤ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የናሙና ቱቦውን 45 ሴንቲ ሜትር ሲያስገባ፣ ለመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጠራል። ቱቦው አልገባም ካለ ደግሞ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። በሸክላው ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ድንጋይ ሲመታም ቁጥሩ ከ50 ያልፋል፤ ከድንጋዩ በታች ግን እንደገና ሸክላ ሊኖር ይችላል። አለት ነው የሚባለው ኮር ተቆርጦ ወርዶ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፦ የቁፋሮው ወር። ጥቁር አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በነሐሴ የወጣ ናሙና አስቀድሞ ስላበጠ በላቦራቶሪ የሚለካው የማበጥ ግፊት ያነሰ ሆኖ ይወጣል፤ ያው አፈር በጥር ቢወሰድ ግፊቱ ይበልጣል። ስለዚህ የማበጥ ግፊቱ ከናሙናው እርጥበትና ከቁፋሮው ቀን ጋር አንድ መስመር ላይ ካልተቀመጠ ቁጥሩን ማመን ያስቸግራል። በእኛ ምሳሌ ቁፋሮው በጥር ተካሂዶ ግፊቱ 180 ኪሎ ፓስካል ሆኗል፤ በግምት በአንድ ካሬ ሜትር 18 ቶን ወደ ላይ የሚገፋ ማለት ነው።

አሁን ወደ መካከለኛው ምዕራፍ እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ሦስቱን ጉድጓዶች በአንድ የመሬት ቁራጭ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ንብርብሩን ማገናኘት ነው። ሥዕሉ ሲሳል የሦስተኛው ጉድጓድ ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። የጥቁሩን አፈር ውፍረት በአማካይ የወሰደ ሰው 3.8 ሜትር ያገኝና «መሠረቱ 4 ሜትር ላይ ይቀመጥ» ሊል ይችላል። በዚያ ማዕዘን ያለው ፉቲንግ ግን ጥቁሩ አፈር ላይ ያርፋል። የማዕዘን ምሰሶ ጭነቱ አነስተኛ ሆኖ ወደ ታች 100 ኪሎ ፓስካል ብቻ ቢጫን፣ 180 የሚገፋው አፈር በክረምት ያነሳዋል፤ ሌሎቹ ፉቲንጎች ባሉበት ሲቆዩ ግድግዳው በሰያፍ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ የሚወስነው አማካዩ ሳይሆን ጥልቁ ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ 5 ሜትር ይሆናል፤ ሪፖርቱም «በሦስተኛው ጉድጓድ ጥቁሩ አፈር እስከ 4.6 ሜትር ስለሚደርስ» ብሎ ምክንያቱን እዚያው ይጽፋል።

ቀጥሎ የአፈሩ አቅም ነው። ከቡናማው ሸክላ ሳይረበሹ የወጡ ሦስት ናሙናዎች በላቦራቶሪ ተጨፍልቀው 150፣ 210 እና 240 ኪሎ ፓስካል ላይ ሰበሩ። በውሃ የራሰ ሸክላ የመሸራተት ጥንካሬው የዚህ ግማሽ ስለሆነ 75፣ 105 እና 120 ይሆናል። አማካዩ 100 ነው። ነገር ግን ዝቅተኛው ውጤት የመጣው ከሦስተኛው ጉድጓድ ነው፤ ናሙናዎቹም ሦስት ብቻ ናቸው፤ የመዶሻው ቁጥርም በዚያ ጉድጓድ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። ሁለት የማይገናኙ ሙከራዎች አንድ ነገር ሲናገሩ መስማት ይገባል። ስለዚህ 75 ይወሰዳል።

ለካሬ ፉቲንግ ይህ ጥንካሬ በ6 ገደማ ተባዝቶ አፈሩ የሚከዳበትን ጫና ይሰጣል፤ 450 ኪሎ ፓስካል። ፉቲንጉ ጥልቅ በመሆኑ ማባዣው ከፍ ሊል ይችል ነበር፤ ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ግን በበጋ ስለሚሰነጠቅ በእሱ እገዛ አለመተማመን ይሻላል፤ ይህም በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። 450 በደህንነት ማካፈያው በ3 ሲካፈል 150 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በአማካዩ ቢሰላ ኖሮ 200 ይባል ነበር። የሕንፃው ባለቤት «ጎረቤቴ 200 ተሰጥቶታል፣ የእኔ ለምን አነሰ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በሪፖርቱ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ አያበቃም። አፈሩ ባይከዳም ሊሰምጥ ይችላል። ከፉቲንጉ ሥር እስከ ባሳልቱ ያለው ሸክላ 3 ሜትር ነው፤ በመጭመቂያ ሙከራው ውጤት 2.5 ሜትር ስፋት ላለው ፉቲንግ ሲሰላ ስምጠቱ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል እንበል። ለነጠላ ፉቲንግ በተለምዶ ከሚፈቀደው 25 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ 150 ይጸናል። ፉቲንጉ ከዚያ በላይ ከሰፋ ግን ስሌቱ መደገም እንዳለበት ሪፖርቱ መናገር አለበት፤ ሰፊ ፉቲንግ ጫናውን ጠለቅ አድርጎ ስለሚያስተላልፍ።

ጥቁሩን አፈር አልፎ መውረድ ፉቲንጉን እንጂ የምድር ወለሉን አያድንም። ግሬድ ቢሙና ወለሉ አሁንም እዚያው ጥቁር አፈር ላይ ናቸው። ያው የ180 ቁጥር ወደዚህም መምጣት አለበት፦ በቢሙ ሥር ክፍተት ይተው፣ ወለሉም በቢሞች ላይ ይንጠልጠል ወይም ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ወጥቶ በማያብጥ ሙሌት ይተካ። ስለ ፉቲንግ ብቻ ተናግሮ ስለ ወለሉ ዝም ያለ ሪፖርት ብዙ ቤት አሰንጥቋል።

የመጨረሻው አንቀጽ ለቆፋሪዎች የተጻፈ ቢሆን እመርጣለሁ። ሦስት ጉድጓድ የቦታውን ሁሉ ታሪክ አይነግርም። ስለዚህ ሪፖርቱ በ5 ሜትር ላይ ምን መታየት እንዳለበት በግልጽ ቋንቋ ይጻፍ፦ ቡናማ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት በቀላሉ የማይጎደጉድ ሸክላ። በየትኛውም ጉድጓድ ጥቁር አፈር ከታየ ኮንክሪት አይፈስስም፤ መሐንዲሱ ይጠራል፣ ቡናማው እስኪገኝ ይቆፈራል፣ የተጨመረው ጥልቀት በስስ ኮንክሪት ተሞልቶ ፉቲንጉ ከላዩ ይቀመጣል፣ የተገኘው ጥልቀትም ከምሰሶው ቁጥር ጋር በሪፖርቱ ላይ ይጨመራል።