ካሪን ቆሞ የማይጠብቅ ደማሪ

በወረቀት 9999 ላይ 1 የደመረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዘጠኝና አንድ አሥር፤ ዜሮ ጽፎ አንድ በእጅ፣ ዘጠኝና አንድ አሥር፤ እንደገና ዜሮ ጽፎ አንድ በእጅ። የግራው ጫፍ የሚታወቀው የቀኙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ኮምፒውተርም ሲደምር ይኸው ያጋጥመዋል፤ በእጅ የሚያዘውን አንድ የሙያው ሰዎች ካሪ ይሉታል።

ቀላሉ ሰርኪዩት ሪፕል ካሪ ይባላል። ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ደማሪ ይመደብና ካሪው ከቀኝ ወደ ግራ ይተላለፋል። ምልክት አንድን ጌት ለማለፍ የሚወስደውን ጊዜ አንድ መዘግየት ብለን እንቁጠር። በመጀመሪያው መዘግየት ሁሉም ቢቶች የየራሳቸውን ጥንድ ይመረምራሉ። ከዚያ ካሪው በየቢቱ አንድ የ«እና» ጌት፣ ቀጥሎም አንድ የ«ወይም» ጌት ያልፋል። 1111 እና 0001 ሲደመሩ ካሪው ሦስት ቢት ተሻግሮ አራተኛው ጋ ሲደርስ 7 መዘግየት ያልፋል፤ የመጨረሻው የድምር ቢት በ8ኛው ይወጣል። ለ16 ቢት 32፣ ለ64 ቢት ደግሞ 128 ይሆናል።

ካሪ ሉክአሄድ የተነሣው ከአንድ ትዝብት ነው፦ እያንዳንዱ ቢት ካሪው ሲመጣ ምን እንደሚያደርገው አስቀድሞ ያውቃል። ሁለቱም ግቤቶች 1 ከሆኑ ራሱ ካሪ ያመነጫል (G)። አንዱ ብቻ 1 ከሆነ የመጣለትን ያሳልፋል (P)። ሁለቱም 0 ከሆኑ ካሪው እዚያው ይቀራል። ይህን ለማወቅ ጎረቤትን መጠበቅ ስለማያስፈልግ ሁሉም በአንድ መዘግየት ይታወቃል። ከዚያ ለምሳሌ ወደ ሦስተኛው ቢት የሚገባው ካሪ በቀጥታ ይሰላል፦

C2 = G1 + P1·G0 + P1·P0·C0

ሁለተኛው ቢት ካመነጨ፣ ወይም እሱ አሳላፊ ሆኖ የመጀመሪያው ካመነጨ፣ ወይም ሁለቱም አሳላፊ ሆነው ከውጭ ካሪ ከገባ፣ C2 1 ይሆናል። ቀመሩ ቢረዝምም የጌቱ ደረጃ ሁለት ብቻ ነው፤ «እና»ዎቹ ሁሉ ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ አንድ «ወይም» ይሰበስባቸዋል። በአራቱ ቢት ምሳሌያችን ካሪዎቹ ሁሉ በ3ኛው መዘግየት፣ ድምሩ በ4ኛው ይደርሳል።

ታዲያ 64ቱንም ቢት በአንድ ቀመር ለምን አንጨርስም? C4 ብቻውን አምስት ግቤት ያለው ጌት ይፈልጋል። ግቤቱ ሲበዛ ጌቱ ራሱ ስለሚዘገይ አቆጣጠራችን ይፈርሳል። ስለዚህ ቢቶቹ በአራት በአራት ይቧደናሉ፤ እያንዳንዱ ቡድንም እንደ አንድ ቢት የራሱ G እና P ይኖረዋል። 74181 እና 74182 የተባሉት ቺፖች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው፦ አራት 74181 እያንዳንዳቸው አራት ቢት ይደምራሉ፣ አንድ 74182 የቡድኖቹን ካሪ ያሰላል።

በዚህ አደረጃጀት የ16 ቢት ድምር በ8 መዘግየት ያልቃል። ሦስተኛ ደረጃ ሲጨመር 64 ቢት በ12 ይጠናቀቃል፤ ቢቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ጊዜው የሚጨምረው በ4 መዘግየት ብቻ ነው። ዋጋው ተጨማሪ ጌትና ሽቦ ነው። ለአራት ቢት ዝግተኛ መሣሪያ ሪፕል ካሪ ይበቃል፤ በ64 ቢት ፈጣን ፕሮሰሰር ውስጥ ግን ቦታ የለውም።