ሥራ ሳይፈልጉ የሥራ ጥሪ ሲመጣ

አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ፣ በቴሌኮም ወይም በሶፍትዌር ሙያ ጥቂት ዓመት ለሠራ ሰው፣ ያልጠየቀው ሥራ በስልኩ መምጣቱ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፈተ። ልምድ ያለው ሰው የሚያፈላልጉት ሪክሩተሮችም በሊንክዲን፣ በቴሌግራም ወይም ቀጥታ በስልክ ይመጣሉ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚመልስ አይቸገርም። የሚቸገረው በሥራው ደህና ሆኖ ሳለ የተጠራው ነው። ብዙው ዝም ይላል፤ ከዝምታ የባሰ ነገር የሚጽፍም አለ።

መልሱን ከማሰብ በፊት የጻፈልን ሰው በምን እንደሚተዳደር ማወቅ ይጠቅማል። ሪክሩተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቀጣሪው መሥሪያ ቤት የራሱ ሠራተኛ ሲሆን የሚከፈለው የወር ደመወዝ ነው። ሁለተኛው በአፈላላጊ ድርጅት ውስጥ ሆኖ ለብዙ ቀጣሪዎች ሰው የሚፈልግ ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ያቀረበው ሰው ሲቀጠር ብቻ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ክፍያው በአብዛኛው ከተቀጣሪው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ የሚከፍለውም ቀጣሪው ነው። ተቀጣሪው በጥቂት ወራት ውስጥ ከለቀቀ ድርጅቱ ሌላ ሰው በነፃ እንዲያቀርብ ወይም የተቀበለውን እንዲመልስ የሚያስገድድ ውል መፈረምም የተለመደ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይሏል። ሪክሩተሩ ልቡ ያልቆረጠ ሰው ይዞ ቀጣሪው ፊት መቅረብ አይፈልግም። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀር፣ ወይም ተቀጥሮ በሁለተኛው ወር የሚመለስ ሰው ኪሳራው ነው። ስለዚህ «አልፈልግም» ሲሉት አይከፋም፤ ስም ሰርዞ ወደሚቀጥለው ሰው መሄድ የዕለት ሥራው ነው። እንዲያውም በሊንክዲን ኢንሜይል የጻፈልዎ ከሆነ መልስዎ በቀጥታ ይጠቅመዋል። በወር የሚላከው ኢንሜይል ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ ተቀባዩ በ90 ቀን ውስጥ እሺም ይበል እምቢ ከመለሰ ያ የተቆረጠበት አንድ መልእክት ይመለስለታል። ዝም ካሉት ግን ተበልቶ ይቀራል።

እኛን የሚጥለን ይሉኝታ ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብደን «እስቲ እናያለን»፣ «አስቤበት ልደውልልዎ»፣ «እግዜር ካለ» እንላለን። ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ሲባል ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል። ሪክሩተር ግን «እስቲ እናያለን»ን የሚመዘግበው «ፍላጎት አለው» ብሎ ነው። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ይደውላል፤ በሳምንቱ ይደግማል። ይባስ ብሎ የርስዎን ስም ከሌሎች ሦስትና አራት ስሞች ጋር አድርጎ ለቀጣሪው ይልካል። እርስዎ ስልክ ማንሳት ባቆሙበት ቀን የሚሸማቀቀው እሱ ነው። በመዝገቡ ላይ ከስምዎ አጠገብ የሚጽፈውም ያኔ ነው፤ ያ ማስታወሻ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ቶሎ አይጠፋም። ለስላሳው መልስ ግንኙነቱን ያበላሻል፤ ግልጹ ያቆየዋል።

እንግዲህ አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። በአንድ የግል ባንክ ለስድስት ዓመት የሠራች የውስጥ ኦዲተር ናት እንበል። ግንቦት ላይ ነን፤ የባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ ላይ ሊዘጋ ስለሆነ ሥራው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ቦነስም የሚጠበቀው ከመዝጊያው በኋላ ነው። እንዲህ የሚል መልእክት ይደርሳታል፦

«ጤና ይስጥልኝ። አንድ ደንበኛችን ከፍተኛ የውስጥ ኦዲተር ይፈልጋል። ልምድዎን ተመልክቼ ለቦታው ይመጥናሉ ብዬ ስላሰብኩ ነው የጻፍኩልዎ። ለአሥር ደቂቃ ያህል በስልክ ልናወራ እንችላለን?»

ቶሎ የሚመጣው መልስ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ነው። ስድብ የለበትም፤ ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። ሪክሩተሩ ከዚህ የሚያገኘው ነገር የለም፤ መቼ ተመልሶ ይጻፍ? ለምን ዓይነት ቦታ? አያውቅም። ሌላው ጫፍ ደግሞ የሚያብራራው ሰው መልስ ነው። አለቃው ጥሩ መሆኑን፣ ባለፈው ዓመት ደመወዝ መጨመሩን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ መሆኑን ዘርዝሮ ይቅርታ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ምክንያት ለሪክሩተር መግቢያ ይሆነዋል። «ደመወዜ ጥሩ ስለሆነ ነው» ካሉት «ከዚያ በላይ ቢከፍሉስ?» ማለቱ አይቀርም፤ መከራከርም ሙያው ነው።

እኔ ብሆን የምጽፈው ይህን ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። አስበውኝ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ባለሁበት ሥራ ለመቆየት ስለወሰንኩ በዚህ ቦታ እኔን አይጠብቁኝ። ከመስከረም በኋላ የኦዲት ክፍልን በኃላፊነት የሚመራ ሰው የሚፈለግበት ቦታ ካጋጠመዎ ግን ብሰማ ደስ ይለኛል። ፍለጋው ይቅናዎ።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ምስጋና ነው፤ ከዚያ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም። ሦስተኛው እምቢታው ነው፤ «ለመቆየት ስለወሰንኩ» የሚለው ቃል ለክርክር አይመችም፤ ምክንያቱም የቀረበ ምክንያት የለም። «እኔን አይጠብቁኝ» ደግሞ ሪክሩተሩ ዛሬውኑ ስሟን ከዝርዝሩ እንዲያወጣ ያስችለዋል። ዋጋ ያለው ግን አራተኛው ነው። መቼ የሚለውን በመስከረም፣ ምን የሚለውን በኃላፊነት ደረጃ ነግራዋለች። ሪክሩተሩ ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ይህንን ነው፤ በጥቅምት የኦዲት ኃላፊ ፈልጉ ሲባል በመጀመሪያ የሚወጣው የእርሷ ስም ነው።

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ግን እውነት ካልሆነ ይቅር። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ከቦታዎ ንቅንቅ የማይሉ ከሆነ ለጨዋነት ብለው «ወደፊት ግን» አይበሉ። በመስከረም መልእክቱ ሲመጣ ሁለተኛ እምቢ ማለት ሊኖርብዎ ነው፤ ያኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ምስጋናውና እምቢታው ብቻውን በቂ ነው።

ጊዜውም የራሱ ጉዳይ አለው። መልስ ከአንድ ሁለት ቀን ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ሪክሩተሩ ዝርዝሩን ለቀጣሪው የሚያቀርብበት ቀን ስላለው ከዚያ በኋላ የመጣ መልስ አይጠቅመውም። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ከመጣ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛ ከመጣ በአማርኛ ይመለስ። ስልክ ተደውሎ ቢሮ ውስጥ ከሆኑ «አሁን ለማውራት አይመቸኝም፣ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ሳያዩት በስልክ ላይ «እሺ» ከማለት ያድናል፤ አጠገብ ያለ ባልደረባም ምንም አይሰማም።

ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የአዲስ አበባ የባንክ ሰፈር ጠባብ ነው፤ ዛሬ ለእርስዎ የጻፈው ሪክሩተር ትናንት የእርስዎ ባንክ የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ ሊሆን ይችላል፤ ነገም ሊመለስ ይችላል። የጻፉት ነገር ፎቶ ተነሥቶ ሌላ ስልክ ላይ የሚደርስበት ፍጥነትም የታወቀ ነው። ስለዚህ አለቃዎን የሚያማ፣ የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ችግር የሚጠቅስ ወይም የአሁኑን ደመወዝ የሚናገር ቃል መልሱ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ከመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልም አይጻፍ። ሊንክዲን ላይ ሥራ መፈለግዎን ለሪክሩተሮች ብቻ የሚያሳየው ምርጫም ቢሆን ሙሉ መጋረጃ አይደለም፤ ድርጅቱ የአሁኑን ቀጣሪዎን ሪክሩተሮች ለመከለል እንደሚሞክር ይናገራል እንጂ ፍጹም ምስጢር ለመጠበቅ ዋስትና አይሰጥም።

ብዙ ጊዜ ከእምቢታው በኋላ «የሚያውቁት ሌላ ሰው ይኖር ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሪክሩተርን ከሁሉ የሚያስደስተው ይህ ነው፤ ሰው ጠቁሞት ያገኘው ባለሙያ በፍለጋ ካገኘው ይልቅ ስልክ ያነሣለታል። ግን የጓደኛን ስልክ ቁጥር ሳያስፈቅዱ መስጠት ነውር ነው፤ ጓደኛዎ ሥራ መፈለጉን ደብቆ ከሆነ ደግሞ ጉዳት ነው። መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። የሪክሩተሩን መልእክት ለጓደኛዎ ይላኩ፤ ከፈለገ ራሱ ይጻፍለት። ለሪክሩተሩም «የሚስማማ ሰው አለ፤ ነግሬዋለሁ፤ ከፈለገ እሱ ይጽፍልዎታል» ማለት ይበቃል።

ሁኔታዎ ተለውጦ እርስዎ ሥራ የፈለጉ ዕለት ደግሞ አዲስ መልእክት አይክፈቱ፤ በዚያው በአሮጌው ንግግር ሥር ይጻፉ። «በግንቦት ስለ ኦዲተርነት ቦታ ጽፈውልኝ ነበር፤ አሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው። ከላይ ያለው የራስዎ መልካም መልስ ማንነትዎን ያስታውሰዋል።

ይህ ሁሉ የሚባለው ግን ለእውነተኛ ሪክሩተር ነው። መልሰው ከመጻፍዎ በፊት አንድ ደቂቃ ወስደው የሰውየውን ገጽ ይክፈቱ። የት እንደሚሠራ ይታያል ወይ? በሙያዎ ያሉ ሰዎችን ያውቃል ወይ? ስለ ቦታው ሲጠየቅ የሥራውን ዝርዝር ይልካል ወይስ ወዲያው የፓስፖርትዎን ፎቶ ይጠይቃል? ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም ወይም ለ«ፕሮሰስ» ብር ላክልኝ ካለ ነገሩ አለቀ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአገር ውስጥ ሠራተኛና አሠሪን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምስጋናም ማብራሪያም አይጻፉ፤ ቁጥሩን ዘግተው ሥራዎን ይቀጥሉ።