ኢንተርኔቱ የተቋረጠው የት ላይ ነው?

ድረ ገጽ አልከፍት ሲል አብዛኛው ሰው የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ካልሠራ ደግሞ አገልግሎት አቅራቢው ዘንድ ይደወላል፤ ከወዲያ «በእኛ በኩል ችግር የለም፣ ራውተርዎን ያጥፉና ያብሩት» የሚል መልስ ይመጣል፤ ደዋዩም የሚከራከርበት ማስረጃ ስለሌለው ስልኩን ይዘጋል። ማስረጃውን የሚሰጡ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ግን በአብዛኛው ኮምፒውተር ውስጥ በነፃ ተጭነው ይገኛሉ። ስማቸው ፒንግ እና ትሬስራውት ይባላል። ባለሙያ ሳይጠሩ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ብልሽቱ በቤት ውስጥ ይሁን ከቤት ውጭ ለይተው ያሳያሉ።

ከኮምፒውተርዎ እስከ ድረ ገጹ ያለው መንገድ በአራት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለው ኬብል ወይም ዋይፋይ ነው። ሦስተኛው ከራውተሩ እስከ አገልግሎት አቅራቢው ጣቢያ የሚሄደው መስመር ነው። አራተኛው ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌላው ዓለም የሚዘልቀው ረጅም ጉዞ ነው። ምርመራው አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ከቅርብ ጀምሮ ወደ ሩቅ መሄድ። መልስ የጠፋበት የመጀመሪያው ቦታ ተጠርጣሪው ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ከጥርጣሬ ነፃ ወጥቷል።

ፒንግ ምን ይሠራል?

ፒንግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው በአሜሪካ ጦር የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ትንሽ መልእክት ወደ አንድ አድራሻ ይልካል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ መልሱ ሲመጣ በስንት ሚሊ ሰከንድ እንደደረሰ ይናገራል። አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር `cmd` ብለው ፈልገው ሲከፍቱ ጥቁር መስኮት ይመጣል፤ በማክና በሊኑክስ ደግሞ ተርሚናል የሚባለውን ይከፍታሉ። በዊንዶውስ ፒንግ አራት ጊዜ ልኮ ያቆማል፤ በማክና በሊኑክስ ግን `Ctrl+C` እስኪጫኑ ድረስ ይቀጥላል።

ከሁሉ በፊት የራውተሩን አድራሻ ማወቅ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ `ipconfig` ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ፤ `Default Gateway` ከሚለው ትይዩ ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው። በብዙ ቤት `192.168.1.1` ይሆናል፤ የእርስዎ የተለየ ከሆነ በእርስዎ ይጠቀሙ። እዚያው የኮምፒውተሩንም አድራሻ ይመልከቱ። በ`169.254` የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ውጭ ማየት አያስፈልግም፤ ኬብሉን፣ ዋይፋዩንና ራውተሩን ይፈትሹ።

አራቱ እርምጃዎች

```
ping 127.0.0.1
ping 192.168.1.1
ping 8.8.8.8
ping google.com
```

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠይቅበት አድራሻ ነው። ከዚህ መልስ ካልመጣ ችግሩ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሶፍትዌር ነው፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ሁለተኛው ራውተሩን ይጠይቃል። ደህና ሲሆን የሚታየው መስመር ይህን ይመስላል፦

```
Reply from 192.168.1.1: bytes=32 time=2ms TTL=64
```

እዚህ ላይ `time` የሚለውን ያስተውሉ። በኬብል ከሆነ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ በዋይፋይ ከሆነ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ሁለትና ሦስት መቶ የሚያሳይ ከሆነ፣ ወይም አንዱ መልስ መጥቶ ሌላው የሚጠፋ ከሆነ፣ ድካሙ ያለው ከአገልግሎት አቅራቢው ሳይሆን በግድግዳዎ መሀል በሚያልፈው ዋይፋይ ላይ ነው። ላፕቶፑን ራውተሩ አጠገብ ወስደው ወይም በኬብል አገናኝተው ይድገሙት። ቁጥሩ ከወረደ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ሦስተኛው የጉግል አድራሻ ነው፤ ከቤት ወጥቶ ሩቅ ድረስ መድረስ መቻሉን ይፈትናል። ራውተሩ እየመለሰ ይኸኛው ዝም ካለ መስመሩ የተበጠሰው ከራውተሩ ወዲያ ነው። ዝምታው በሁለት መልክ ይመጣል። `Request timed out` ማለት መልእክቱ ተልኮ በጊዜው መልስ አልመጣም ማለት ነው። `Destination host unreachable` ደግሞ መንገዱ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ «ወደዚያ መሄጃ የለኝም» ብሎ ሲመልስ የሚታይ ነው፤ ከፊቱ የተጻፈው አድራሻ ተናጋሪውን ያሳያል። የራስዎ ኮምፒውተር አድራሻ ከሆነ ችግሩ እዚያው ቤት ነው፤ የራውተሩ ከሆነ ራውተሩ መውጫ አጥቷል። ዊንዶውስ ይህንንም እንደ መልስ ስለሚቆጥረው መጨረሻ ላይ `0% loss` ሊል ይችላል። ስለዚህ ድምሩን ብቻ አይመኑ፤ መስመሮቹን ያንብቡ።

አራተኛው ስም ነው። ሰው ስም ይጽፋል፣ ኮምፒውተር ግን የሚሄደው በቁጥር ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ነው። `8.8.8.8` እየመለሰ ስሙ ሲጻፍ `could not find host` ካለ መስመሩ ደህና ነው፣ የታመመው ዲኤንኤሱ ነው። በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ዲኤንኤሱን `8.8.8.8` ወይም `1.1.1.1` ብሎ መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ትሬስራውት፦ መንገዱን ጣቢያ በጣቢያ

ፒንግ ደርሷል ወይም አልደረሰም ይላል፤ የት እንደቀረ አይናገርም። ይህን የሚናገረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቫን ጃኮብሰን የጻፈው ትሬስራውት ነው። በኢንተርኔት የሚጓዝ እያንዳንዱ መልእክት ስንት ጣቢያ ማለፍ እንደሚፈቀድለት የሚናገር ቁጥር ይይዛል። በየደረሰበት ራውተር ቁጥሩ በአንድ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲሆን መልእክቱ ይጣላል፣ የጣለው ራውተርም ለላኪው ያሳውቃል። ትሬስራውት መጀመሪያ ቁጥሩን 1 አድርጎ ይልካል፣ የመጀመሪያው ራውተር ራሱን ይገልጣል፤ ቀጥሎ 2፣ ሁለተኛው ይገለጣል፤ እንዲህ እያለ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 30 ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ጣቢያ ሦስት ጊዜ ስለሚሞክር ሦስት የጊዜ ቁጥር ያሳያል።

አንድ ጉዳይ እንከተል። አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ኮምፒውተር ያለው ትንሽ ቢሮ አለ እንበል። ጠዋት ምንም ድረ ገጽ አይከፈትም። ራውተሩ በ2 ሚሊ ሰከንድ ይመልሳል፣ `8.8.8.8` ግን ዝም ብሏል። የቢሮው ሠራተኛ ቀጥሎ ይህን ጻፈ፦

```
tracert -d 8.8.8.8

1    2 ms    1 ms    2 ms  192.168.1.1
2    9 ms    8 ms   11 ms  10.20.0.1
3   10 ms   12 ms    9 ms  10.20.8.5
4    *       *       *     Request timed out.
5    *       *       *     Request timed out.
```

በማክና በሊኑክስ ትዕዛዙ `traceroute -n` ነው። `-d` እና `-n` ስም ሳይፈልግ ቁጥሩን ብቻ አሳይ ማለት ስለሆኑ ሥራውን ያፋጥኑታል።

አሁን እናንብበው። አንደኛው መስመር የቢሮው ራውተር ነው፣ ደህና ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የአገልግሎት አቅራቢው ጣቢያዎች ናቸው፤ ሁለቱም በአጭር ጊዜ መልሰዋል። ስለዚህ ከቢሮው እስከ አቅራቢው የሚሄደው መስመር አልተበጠሰም፣ ራውተሩም አልተበላሸም። ከአራተኛው ጀምሮ እስከ 30 ድረስ ኮከብ ብቻ ነው። ሠራተኛው ሁለት ማጣሪያ ጨመረ። በመጀመሪያ `1.1.1.1`ን ሞከረ፤ እሱም ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጉግል ብቻ አይደለም። ከዚያ መስመሩ ደህና በነበረበት ቀን ያስቀመጠውን ውጤት አወጣ፤ ያን ቀን አራተኛው ጣቢያ ይመልስ ነበር፣ ጉዞውም ስምንተኛው ላይ `8.8.8.8` ደርሷል። እንግዲህ መቋረጡ ከሦስተኛው ጣቢያ ወዲያ፣ በአቅራቢው ግቢ ወይም ከእሱ አልፎ ነው። ራውተር ማጥፋትና ማብራት እዚህ ላይ ምንም አይረዳም።

ኮከብ ሁሉ ብልሽት አይደለም

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አራተኛው ጣቢያ ኮከብ አሳይቶ አምስተኛውና ስድስተኛው ከመለሱ፣ መልእክቱ በአራተኛው በኩል አልፏል፤ ያ ራውተር ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ እንዳይመልስ ተደርጎ ነው። እንዲሁም አንድ ጣቢያ ብቻ 300 ሚሊ ሰከንድ አሳይቶ ቀጣዮቹ ወደ 90 ከወረዱ ችግር የለም፤ ራውተሩ መልእክት ማሳለፉን አስቀድሞ ለጥያቄ መመለሱን አዘግይቶ ነው። እውነተኛ ብልሽት ከአንድ ጣቢያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ነው።

ርቀትም በብልሽት ስም መከሰስ የለበትም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ አንድ ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኢትዮጵያም የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ በባሕር ሥር ኬብል ዞሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከአገር ሲወጣ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ በብዙ አሥር ሚሊ ሰከንድ ቢዘል የጤና ነው።

ሌላም ገደብ አለ። አንዳንድ ድርጅቶች ፒንግን ሆን ብለው ይዘጋሉ፤ ድረ ገጻቸው እየተከፈተ ፒንግ ላይመለስ ይችላል። በአንድ አድራሻ ዝምታ ብቻ አይፍረዱ፣ ቢያንስ ሁለት ይሞክሩ።

እንግዲህ ዛሬ፣ መስመሩ ደህና ሳለ፣ `tracert -d 8.8.8.8 > dehna.txt` ብለው ውጤቱን በፋይል ያስቀምጡ። መስመሩ በተቋረጠ ቀን ከራውተርዎ ጀምረው ወደ ውጭ ይሂዱ። ስልክ ሲደውሉም «ኔትወርክ የለም» ከማለት ይልቅ «ራውተሬ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ጣቢያ `10.20.8.5` ይመልሳል፣ ከዚያ ወዲያ በሁለት አድራሻ ሞክሬ አያልፍም፤ የጀመረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው» ይበሉ። እንዲህ ብሎ ለሚደውል ደንበኛ «ራውተርዎን አጥፍተው ያብሩ» የሚለው መልስ አይበቃም።