የዘመን መለወጫ ኢሜይል፦ ትንሽ ድርጅት ለደንበኞቹ የሚልከው

ጳጉሜን ሲገባ የኢሜይል ሳጥናችን በአደይ አበባ ይሞላል። ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ አንድ ቀን ያደርንበት ሆቴል ሳይቀር «እንኳን አደረሳችሁ» ይለናል። አብዛኛው ሳይነበብ ይሰረዛል፤ ቢሰረዝም የሚጎዳ የለም። ከአምስት ስድስት ሠራተኛ የማይበልጥ ድርጅት ለደንበኞቹ የሚልከው ግን ከዚህ ይለያል። ደንበኛው ጉዳዩን የያዘለትን ሰው በስም ያውቀዋል፤ ያ ሰው ለበዓል አገር ቤት ከሄደ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የትንሽ ድርጅት የመልካም ምኞት ኢሜይል ከምኞቱ ይልቅ ቀኑ ነው የሚፈለገው።

የትራንዚት ድርጅትን እንውሰድ። ደንበኞቹ 140 አስመጪዎች ናቸው እንበል። ዕቃቸው ከጂቡቲ ይነሳል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፣ ትራንዚተሩ ሰነዱን ይዞ ጉምሩክ ይጨርሳል። ቢሮው ተዘግቶ ሰነድ የሚያስገባ ሲጠፋ ዕቃው የትም አይሄድም፤ የማቆያው ወጪ ደግሞ ለአስመጪው ይተርፋል። ለዚህ ደንበኛ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ «መልካም አዲስ ዓመት» ምንም አይፈይድለትም። መቼ እንደምትዘጉ፣ ሰነድ እስከ መቼ እንደምትቀበሉ፣ አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ማን ስልክ እንደሚያነሳ ንገሩት።

የ2019ን አዲስ ዓመት ብንወስድ ኢሜይሉ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል። ርእሱ፦ «መልካም አዲስ ዓመት፤ ከሐሙስ ጳጉሜን 5 ከሰዓት በኋላ ዝግ ነን»። ከውስጥ ደግሞ፦

«ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እንኳን ከ2018 ወደ 2019 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ። በዓመቱ ሰነዳችሁን አምናችሁ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ቢሯችን ሐሙስ ጳጉሜን 5 ከቀኑ 6 ሰዓት ተዘግቶ ሰኞ መስከረም 4 ከጠዋቱ 2:30 ይከፈታል። ከበዓሉ በፊት እንዲያልቅ የምትፈልጉት ሰነድ እስከ ረቡዕ ጳጉሜን 4 ማታ ይድረሰን። በመካከሉ ለአስቸኳይ ጉዳይ በምታውቁት የቢሮ ስልክ ደውሉ፤ ተረኛ አለ።»

በቃ፣ ይሄው ነው። ቀኑ ርእሱ ላይ ስለሰፈረ ኢሜይሉን ያልከፈተው ደንበኛም መልእክቱ ደርሶታል። «አደረሳችሁ» እና «አሸጋገራችሁ» ለድርጅት ይስማማሉ። ለአንድ ሰው ለብቻው ከሆነ «አደረሰዎ» ማለቱ ይሻላል፤ ወንድ ይሁን ሴት ሳያጣሩ መላክ ይቻላል። አንዳንዱ «ለዘመነ ሉቃስ» ብሎ ይጀምራል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጽፈው ያምራል፤ ሃይማኖታቸው የተለያየ 140 ሰዎች ጋ ሲላክ ግን የዘመኑን ቁጥር መጻፍ ይበቃል።

ኢሜይሉ የሚላክበት ቀን ሰኞ ጳጉሜን 2 ቢሆን ጥሩ ነው። ደንበኛው ሰነዱን ለማሰባሰብ ሦስት የሥራ ቀን ያገኛል። በበዓሉ ዋዜማ የሚላክ «ነገ ዝግ ነን» ማስታወቂያ መሆኑ ቀርቶ ይቅርታ መጠየቂያ ይመስላል።

ውጭ አገር ያሉ ዕቃ ላኪዎች ካሉ የተለየ ደብዳቤ ይፈልጋሉ፤ አማርኛውን ተርጉሞ መላክ ብቻ አያዋጣም። «2:30» የሚለውን እንዳለ ያየ ሰው በሌሊቱ 8:30 የምትከፍቱ ይመስለዋል፤ ለእሱ የሚጻፈው 8:30 ጠዋት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ቀኑም ያሳስታል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ግን ወደ 12 ይገፋል። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስላላት የ2020 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው። ያለፈውን ዓመት ኢሜይል ገልብጦ ዓመቱን ብቻ የሚቀይር ጸሐፊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ አደይ አበባዋ እንመለስ። ብዙ ድርጅት ጽሑፉን ሁሉ በአንድ ሥዕል አሠርቶ ይልካል። አውትሉክ ከማያውቀው ላኪ የመጣን ሥዕል ሳያሳይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ደንበኛው ያኔ ባዶ ሳጥን ነው የሚያየው። ሥዕሉ ቢታየውም ከሳምንት በኋላ «መቼ ነው የሚከፍቱት?» ብሎ በፍለጋ ሊያገኘው አይችልም፤ ሥዕል ላይ ያለ ፊደል በፍለጋ አይገኝምና። ካርድ ካስፈለገ ከጽሑፉ ሥር ይግባ። ጽሑፉን ከድሮ የፓወር ግዕዝ ፋይል የሚገለብጥም አለ። የድሮዎቹ ፊደሎች የራሳቸው ኮድ ስላላቸው ተቀባዩ ዘንድ የላቲን ቁርጥራጭ ሆነው ይታያሉ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ ስልክ ላይም ይነበባል።

ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ሲላክ ነው። ጸሐፊዋ 140ውን አድራሻ በሙሉ `To` ላይ ትለጥፍና ትልካለች። እያንዳንዱ አስመጪ የሌሎቹን አድራሻ አየ ማለት ነው፤ ከመካከላቸው ተፎካካሪዎች አሉ። አንዱ `Reply all` ብሎ «ለእናንተም» ሲል ለ139 ሰው ይደርሳል፤ ያበሳጫል እንጂ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ዝርዝሩ ነው፤ ማን የማን ደንበኛ እንደሆነ የሚናገር ሰነድ ከቢሮ ወጥቷል። አድራሻዎቹ `Bcc` ላይ ይግቡ፣ `To` ላይ የራስ አድራሻ ይቀመጥ። ስም እየጠራ ለየብቻው የሚልክ ፕሮግራም ካለ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ የስም ዝርዝሩ ላይ ክፍት ቦታ ካለ ግን «ክቡር አቶ ፣» የሚል ኢሜይል ይወጣል። ከመላክ በፊት ለራስና ለአንድ የሥራ ባልደረባ ልኮ በስልክ ማየት ይህን ያስቀራል።

ኢሜይሉ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ እንዳይወድቅ የድርጅቱ አድራሻ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጂሜይል ላኪ ሁሉ ቢያንስ በ`SPF` ወይም በ`DKIM` እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የራሱ ስም ያለው አድራሻ ይዞ በጉግል በኩል የሚልክ ድርጅት፣ ድረ ገጹን የሚይዝለት ባለሙያ ይህን መስመር እንዲያስገባለት ይጠይቅ፦

```
v=spf1 include:_spf.google.com ~all
```

ትርጉሙ «በስሜ መላክ የተፈቀደለት ጉግል ነው፤ ሌላውን ተጠራጠሩ» እንደማለት ነው። መስመሩ ከሌለ ደብዳቤው ሊመለስ ወይም ማንም የማያየው ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። በራሱ የጂሜይል አድራሻ የሚልክ ደግሞ በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቀድለትም፤ ለ140 ደንበኛ ይበቃል።

`To` ላይ ስለተጋለጠው ዝርዝር ገና አልጨረስኩም። አጭበርባሪ የሚፈልገው እሱን ነው። የድርጅቱን አድራሻ አንድ ፊደል ቀይሮ፣ `m` በነበረበት `rn` አስገብቶ ያስመዘግባል፤ የበዓሉን ካርድ እንዳለ ይገለብጣል፤ ከሥሩ «በአዲሱ ዓመት የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያችሁን በዚህ ቁጥር አስገቡ» የሚል አንድ መስመር ይጨምራል። ደንበኛው ካርዱን ከጥቂት ቀን በፊት ስላየው አይጠራጠርም፤ ቢሮው ዝግ ስለሆነም ሄዶ አይጠይቅም። ስለዚህ ድርጅት ሆይ፣ የሒሳብ ለውጥን ከመልካም ምኞት ጋር ፈጽሞ አትላክ። እናንተም የሒሳብ ቁጥር ያዘለ የበዓል ኢሜይል ከደረሳችሁ፣ ኢሜይሉ ላይ ወዳለው ስልክ ሳይሆን ድሮ ወደያዛችሁት ቁጥር ደውሉ፤ የሚያነሳ እስኪገኝ ድረስም ሳንቲም አትላኩ።