በሩ ደብዳቤው ውስጥ አልነበረም

ባለፈው ዙር ለብየዳ ሥልጠና ካመለከቱት መካከል ያልተመረጠ አንድ ልጅ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ጠብቆ፣ «መምህር፣ ምን ጎደለኝ?» አለኝ። ቆመን ስናወራ፣ ሰፈሩ ባለ የብረት ሥራ ቤት በረዳትነት እንደሚሠራ ነገረኝ። አንድ ጊዜ የግቢ በር ብቻውን እንዲሠራ ተሰጥቶት አንዱን ጎን ከላይ እስከ ታች አከታትሎ በየደው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተሳበና በሩ ጠመመ፤ አልገጥም አለ። ከዚያ ወዲህ አራቱን ማዕዘን መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይይዛል። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ በሜትር ለክቶ እኩል መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ሙሉ ብየዳ አይጀምርም። ሲጀምርም ትንሽ በይዶ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ እንዳይከማች። ይህን ሠልጥነው የወጡ ልጆችም ሲስቱት አያለሁ።

የማመልከቻ ደብዳቤውን ፈልጌ እንደገና አነበብኩት። ስለ በሩ አንድ ቃል የለበትም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለቴክኒክ ሙያ ልዩ ፍቅር ያለኝ በመሆኑ» ይላል፣ «የቤተሰቤ የኑሮ ሁኔታ ዝቅተኛ በመሆኑ» ይላል፣ «ለአገሬ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማበርከት» ይላል፣ በመጨረሻም እንድንተባበረው በትሕትና ይጠይቃል። እነዚሁ ዓረፍተ ነገሮች ለልብስ ስፌት ባመለከተች ልጅ ወረቀት ላይም ቃል በቃል ሰፍረዋል።

ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት! ወጣቶቻችን ይህን ደብዳቤ የሚጽፉት ቀበሌ እንደሚገባ አቤቱታ ነው። ችግር ይጎላል፣ ራስ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ልመና ይከተላል። ችግሩ እውነት ነው፤ አንድም ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም። ነገር ግን አመልካቹ ሁሉ ችግር ስላለበት በእሱ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። ማሽኖቻችን ውስን ናቸው። ጭሱን፣ ሙቀቱን፣ ማታ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ የሚያስመስለውን የብርሃን ቃጠሎ አይቶ በሁለተኛው ሳምንት የሚቀር ልጅ፣ መቆየት የሚችለውን ሰው ቦታ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ደብዳቤውን ስናነብ ይህ ሰው የሚገባበትን ሥራ በቅርብ አይቶታል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

«ልምድ ከሌለኝስ ምን ልጻፍ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ብረት ቤት ሄዳችሁ ቁሙ፤ ብርሃኑን ግን በባዶ ዓይን አትመልከቱ። ከዚያ ያያችሁትን ጻፉ። «በያጁ ስስ ቱቦላሬ ሲበይድ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይዞ ከረንቱን ሲቀንስ አየሁ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ከፍ ካለ ብረቱ ይበሳል አለኝ» ብላ የጻፈች ልጅ ብትመጣ፣ ማሽን ነክታ ባታውቅም ለቃለ መጠይቅ ሳልጠራት አላልፍም። ጠይቃለች፣ መልሱንም ይዛለች።

ከሁሉ የሚያደክመኝ ግን ዕቅድ ተብሎ የሚጻፈው ነው። «የራሴን ድርጅት ከፍቼ ለበርካታ ወጣቶች የሥራ ዕድል እፈጥራለሁ።» ቃለ መጠይቅ ላይ ቦታውን፣ የመብራት መስመሩን፣ የመጀመሪያውን ደንበኛ ስጠይቅ ዝም ይባላል። ዕቅድ ከነገ የሚጀምር መሆን አለበት። በር የጠመመበት ልጅ እንዲህ ቢጽፍ ኖሮ እላለሁ፦

«ደረጃ 2 ጨርሼ ሲኦሲ እፈተናለሁ። አሁን በረዳትነት የምሠራበት ቤት በበያጅነት ሊያሠራኝ ተስማምቷል። እዚያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ከደመወዜ በ220 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ ኢንቨርተር ማሽንና ግራይንደር እገዛለሁ። መጀመሪያ በርና መስኮት ብቻ እሠራለሁ፤ ትልቅ ማሽን የሚጠይቅ ሥራ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር እስካስገባ ድረስ አልቀበልም።»

ትንሽ ዕቅድ ነው ብለው የሚያፍሩ አሉ። እኔ ግን አምነዋለሁ፤ የማይቀበለውን ሥራ ለይቶ ያወቀ ሰው የሚቀበለውንም ያውቃል። ወደ ዓረብ አገር ሄዶ ለመሥራት ያሰበም አይደብቀው። የትኛው ሥራ ምን ዓይነት ብየዳና የትኛውን የምስክር ወረቀት እንደሚጠይቅ አጣርቶ ከጻፈ፣ ይህም ዕቅድ ነው።

ለታናናሾቻችሁ ደብዳቤ የምትጽፉ መምህራን፣ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞችም፦ ልጁ ጥሩ አማርኛ ስላጣ ወደ እናንተ ይመጣል፤ እናንተም አሳምራችሁ ትጽፉለታላችሁ፣ በሩ ግን ይቀራል። እባካችሁ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት በእጁ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተበላሸበትና እንዴት እንዳስተካከለው ጠይቁት። የሚላችሁንም እንዳለ ጻፉት።