ሲም ካርዱ በመጨረሻ ይዘጋ፦ ሟች ትቷቸው የሚያልፉ አካውንቶች፣ ፎቶዎችና ገንዘብ

በኢትዮጵያ አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ ያለው ሀብት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚከፈተው በስልክ ቁጥሩ ነው። ቴሌብር የሚታወቀው በቁጥሩ ነው፤ ቴሌግራምና ዋትስአፕ የተከፈቱት በቁጥሩ ነው፤ የባንኩ መልእክትና የጂሜይሉ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጡትም ወደዚያው ቁጥር ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ከቀብር በኋላ «ማን ይደውልበታል» በሚል ሲሙን አውጥቶ ይጥለዋል፣ ወይም ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ሂሳብ ሳይሞላበት ለረጅም ጊዜ የቆየ ቁጥር ደግሞ ይቋረጥና ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ያኔ የሟቹ የማረጋገጫ ኮዶች በማያውቁት ሰው እጅ ይገባሉ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥሩን በሕይወት ማቆየት ነው። ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ ይቀመጥ፤ በየጊዜው ትንሽ ካርድ ይሞላበት። ባይጠፋ ይመረጣል፤ ጠፍቶ ሲበራ የስክሪኑን መክፈቻ ይጠይቃል፣ ሲም ካርዱም የራሱ ፒን ካለው እሱንም ይፈልጋል። መክፈቻውን የሚያውቅ ከሌለ በግምት ደጋግሞ መሞከር ጉዳት አለው። ሲሙ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ፒን ከተሰጠው ይቆለፋል። አንዳንድ ስልኮችም ከብዙ ስህተት በኋላ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ እንዲያጠፉ ተደርገው ተስተካክለው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ወረቀት ነው። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የሞት ምስክር ወረቀት መውጣት አለበት። ቀጥሎ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ቀርቦ የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል፤ ይህን መብት የሰጠው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ባንክም ሆነ የሞባይል ገንዘብ ድርጅት የሟችን ሂሳብ ለወራሽ የሚለቀው ይህን ማስረጃ አይቶ ነው።

ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የሟችን የሚስጥር ቁጥር የሚያውቅ ልጅ ወይም ሚስት ለቀብርና ለድንኳን ወጪ ብሎ ገንዘቡን በስልክ ወደ ራሱ ሊያዞር ይችላል። ሰውየው ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ግን ገንዘቡ የወራሾች ሁሉ ነው፤ ዝውውሩም ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ይቀራል። ሌላው ወራሽ የባንኩን መግለጫ አስወጥቶ ሊከስ ይችላል። የቀብር ወጪውን ከዕድር ወይም ከዘመድ ሸፍኖ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ በኋላ ከውርሱ ላይ መጠየቅ ይሻላል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር አንድ መምህር ኑዛዜ ሳይተው ዐረፈ እንበል፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ ታላቋ ልጅ ዋሽንግተን ናት። ቤተሰቡ ምን ምን እንዳለው አያውቅም። ፍለጋው የሚጀመረው ከስልኩ አጭር የጽሑፍ መልእክቶች ነው፤ የትኛው ባንክ ገንዘብ ገባ ወጣ ብሎ እንደጻፈ፣ ቴሌብር ምን ቀሪ ሂሳብ እንዳሳወቀ፣ ብድር መክፈያ ቀን የሚያስታውስ መልእክት ካለ በዚያ ይገኛል። በባንኩ 46,000 ብር፣ በቴሌብር 8,300 ብር፣ እንዲሁም ለቤት ወጪ በስልክ የተወሰደ 4,300 ብር ብድር ተገኘ እንበል። ብድሩ አስቀድሞ ሲነሣ 50,000 ብር ይቀራል። ይህ በትዳር ዘመን ከደመወዝ የተጠራቀመ ስለሆነ የጋራ ሀብት ነው፤ ግማሹ፣ 25,000 ብር፣ የሚስቲቱ የራሷ ድርሻ ነው። በሕጉ ኑዛዜ በሌለበት የትዳር ጓደኛ ወራሽ ስላልሆነች ቀሪው 25,000 ለሁለቱ ልጆች 12,500፣ 12,500 ይደርሳል። ዋሽንግተን ያለችው ልጅ መምጣት ካልቻለች በቆንስላ በኩል ለወንድሟ ውክልና ልትልክ ትችላለች።

ከገንዘቡ ይልቅ በቶሎ ሊጠፉ የሚችሉት ፎቶዎቹና መልእክቶቹ ናቸው። ፍርድ ቤት ቢዘገይ ባንክ ያለው ብር አይጠፋም፤ አካውንቶች ግን ተጠቃሚያቸው ከጠፋ በራሳቸው የሚሰረዙበት ጊዜ አላቸው። ዋትስአፕ በአብዛኛው ከ120 ቀን በኋላ ይሰርዛል። ቴሌግራም ባለቤቱ በመረጠው ጊዜ ልክ አካውንቱን ከነመልእክቱ ያጠፋል። ጉግል ደግሞ ለ2 ዓመት ያልተነካ አካውንትን ከነፎቶዎቹ ሊሰርዝ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ የሚከፈት ከሆነ በሐዘኑ ሳምንታት ውስጥ ፎቶዎቹ በገመድ ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልበጡ። ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት መቀመጡ ይጠቅማል። ገልብጦ ሳያረጋግጡ ከስልኩ ላይ ማጥፋት አይገባም፤ ከስልኩ የጠፋ ፎቶ ከጉግል ፎቶዎችም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ስልኩ የማይከፈት ከሆነ ለኩባንያው ማመልከት ያስፈልጋል። ጉግል የሟች አካውንት እንዲዘጋ ወይም በውስጡ ያለው እንዲሰጥ የሚጠየቅበት ቅጽ አለው፤ የይለፍ ቃል ግን ለማንም አይሰጥም፣ ይዘቱንም ለመስጠት ሊፈቅድም ሊከለክልም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ማመልከቻ በአማርኛ የወጣ ምስክር ወረቀት በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ያሰናክላሉ። አንደኛው ስም ነው፤ በአካውንቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከትርጉሙ ጋር ካልተመሳሰለ ወይም ሰውየው በቅጽል ስም ከከፈተው ሟቹና ባለ አካውንቱ አንድ መሆናቸው ያጠራጥራል። ሁለተኛው ቀን ነው፤ ተርጓሚው የሞቱን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል መቀየሩ መጣራት አለበት።

ፌስቡክ ማስረጃ ሲቀርብለት ገጹን ወደ መታሰቢያነት ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ ማንም በሟቹ ስም ሊገባበት አይችልም፤ የጻፈውና የለጠፈው ፎቶ ግን እንዳለ ይቆያል። ይህ ለመታሰቢያ ብቻ ሳይሆን ለጥንቃቄም ይረዳል። አጭበርባሪዎች የሐዘን መግለጫ አይተው በሟቹ ስምና ፎቶ አዲስ ገጽ ከፍተው መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ወይም የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብለው ለቤተሰብ ይደውላሉ። ምልክታቸው አንድ ነው፤ በስልኩ የገባውን ኮድ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ኮዱን ለማንም መናገር አይገባም።

ይህ ሁሉ ድካም ሰው በሕይወት እያለ በሚሠራው ጥቂት ሥራ ይቀልላል። በጉግል አካውንት ውስጥ Inactive Account Manager የሚባል ማስተካከያ አለ። ባለቤቱ አካውንቱ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ሳይነካ ሲቀር ፎቶውና ኢሜይሉ እንዲደርሳቸው እስከ 10 ሰዎች መምረጥ ይችላል። በአይፎን ላይ Legacy Contact የሚባለው አለ፤ የተመረጠው ሰው የተሰጠውን የመክፈቻ ቁልፍና የሞት ምስክር ወረቀት አቅርቦ ለ3 ዓመት መግባት ይችላል። በፌስቡክም የመታሰቢያ ገጹን የሚንከባከብ ሰው መምረጥ ይቻላል። ከዚህ ሌላ የባንኮቹና የአካውንቶቹ ስም ዝርዝር፣ የስልኩም መክፈቻ በታሸገ ፖስታ ከቤት ካርታው ጋር ቢቀመጥ ይበቃል፤ የባንክና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥር ግን አይጻፍበት፤ ያንን ገንዘብ የሚያስለቅቀው የፍርድ ቤቱ ማስረጃ ነው።

ገንዘቡ ተከፋፍሎ፣ ፎቶው ተገልብጦ፣ ገጾቹ ተዘግተው ሲያልቁ የመጨረሻው ሥራ ስለ ቁጥሩ መወሰን ነው። ቤተሰቡ ሊያቆየው ከፈለገ ማስረጃውን ይዞ በአንዱ ወራሽ ስም እንዲዞርለት ይጠይቅ፤ ካልፈለገ ያን ጊዜ ይዝጋው። ከዚያ በፊት የተዘጋ ሲም ቀሪውን ሥራ ሁሉ ያከብዳል።