የካርድ ጥናት ውስንነት እንዴት ይጻፋል?

የካርድ ጥናት ታክመው የወጡ ሰዎችን የሕክምና ካርድ ከካርድ ክፍል አስወጥቶ፣ ሐኪምና ነርስ ለሕክምና ብለው ከጻፉት ውስጥ ለምርምር ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ጥናት ነው። ካርዱ ሲጻፍ ጥያቄው ገና አልተጠየቀም ነበር። የዚህ ዓይነት ጥናት ድክመት አብዛኛው ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫል፤ የሚፈለገው ነገር አልተጻፈም፣ ወይም አንዱ ሐኪም የጻፈውን ሌላው ዘሎታል፣ ወይም ካርዱ ራሱ ጠፍቷል። አጥኚው ይህን የሚናገረው በውይይቱ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከመደምደሚያው ቀደም ብሎ በሚመጣው የውስንነት አንቀጽ ነው።

አንቀጹ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዳንዱ ጸሐፊ ይቅርታ መጠየቅ ይጀምራል፤ ጊዜው አጭር እንደነበር፣ ገንዘብ እንዳነሰ፣ ጥናቱ በአንድ ሆስፒታል ብቻ እንደተሠራ፣ መረጃውም ያልተሟላ እንደነበር ይደረድራል። አንባቢው ይህን ሲጨርስ ውጤቱን ማመን እንዳለበትና እንደሌለበት አያውቅም። ሌላው ደግሞ ድክመቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ «ይሁን እንጂ ውጤቱ አስተማማኝ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፤ ድክመቱ ቁጥሩን ወዴት እንደገፋው አይናገሩም። በ2007 የወጣውና ስትሮብ የሚባለው የምልከታ ጥናቶች አጻጻፍ መመሪያ የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ነው፤ ስህተቱ ውጤቱን ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ያዘነበለው፣ ምን ያህልስ ነው?

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ይታያል። ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን የሚመለከት ጥናት አለ እንበል። የክፍሉ መዝገብ 420 ሕፃናት መተኛታቸውን ያሳያል። ከካርድ ክፍል የተገኘው ግን የ356ቱ ካርድ ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 39ኙ ሞተዋል፤ የሞት መጠኑ 11 በመቶ ይሆናል።

«64 ካርዶች አልተገኙም» ብሎ መጻፍ እውነት ነው፤ ግን ምንም አይነግርም። ዋናው ጥያቄ የጠፉት ካርዶች የእነማን ናቸው የሚለው ነው። የሞተ ሕፃን ካርድ የሞቱን ምክንያት ለሚመረምሩ ባለሙያዎች ተወስዶ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ የዳነው ሕፃን ካርድ ግን ለቀጣይ ቀጠሮ ስለሚፈለግ ከቦታው የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ግምት እንደሆነ መቅረት የለበትም፤ ሊረጋገጥ ይችላል። የክፍሉ መዝገብ እያንዳንዱ ሕፃን ድኖ ይውጣ ወይም ይሙት የሚገልጽ አምድ ስላለው፣ ካርዳቸው ያልተገኘው 64 ሕፃናት መጨረሻ ከዚያ ይነበባል። በምሳሌው 13ቱ ሞተዋል፤ ይህም 20 በመቶ ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ሲቆጠሩ ከ420 ሕፃናት 52ቱ ሞተዋል፤ እውነተኛው የሞት መጠን 12.4 በመቶ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ውስንነቱ ግኝቱን አላፈረሰውም። እንዲያውም አንባቢው ከካርዶቹ የወጣው 11 በመቶ የችግሩን መጠን አሳንሶ እንጂ አጋንኖ እንደማያሳይ አወቀ። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ እንኳ ጸሐፊው «የጠፉት ካርዶች በአብዛኛው የሞቱት ሕፃናት ከሆኑ የሞት መጠኑ ከዚህ ይበልጣል» ብሎ አቅጣጫውን መጠቆም ይችል ነበር።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ የሚያልፈው ችግር ባዶ ቦታ ነው። ካርዱ ላይ ሕፃኑ ሾክ ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ካልተጻፈ፣ ብዙ አጥኚዎች «አልነበረም» ብለው ይቆጥሩታል። አለመጻፍ ግን አለመኖር አይደለም። ከ356ቱ ካርዶች በ70ው ላይ ስለ እጅና እግር መቀዝቀዝም ሆነ ስለ ልብ ምት ምንም አልተጻፈም እንበል። በዚህ ጊዜ ባዶዎቹን በሞቱትና በዳኑት መካከል ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሞቱት 39 ሕፃናት የሦስቱ ካርድ ብቻ ባዶ ሆኖ፣ ከዳኑት 317 ግን የ67ቱ ባዶ ከሆነ፣ ጣር የያዘው ሕፃን ሁኔታ ከሌሎቹ ይበልጥ በጥንቃቄ ተጽፏል ማለት ነው። ባዶው «አልነበረም» ተብሎ ከተቆጠረ ሾክ ከዳኑት ላይ ይሰወራል፤ በሾክና በሞት መካከል የሚታየው ዝምድናም ከእውነቱ በላይ ይጎላል። አቅጣጫው ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ ትንተናው የሾክ ሁኔታ በተጻፈባቸው 286 ካርዶች ብቻ ይደገማል። ዝምድናው ቢቀንስም ከጸና፣ ይኸው ይጻፋል። ከጠፋም ይኸው ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ግን ነገሩ ግኝት መባሉ ይቀራል።

ሦስተኛው በስሌት የማይስተካከል ነው። በጥናቱ በደም ሥር ፈሳሽ የተሰጣቸው ሕፃናት ከሌሎቹ በብዛት ሞተው ሊገኙ ይችላሉ። በሕክምናው መመሪያ መሠረት ግን ከባድ የምግብ እጥረት ላለበት ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ስለዚህ ፈሳሹን ያገኙት ቀድሞውንም ለሞት የቀረቡት ናቸው። ሕመሙ የቱን ያህል እንደከፋ በካርዱ ላይ ተሟልቶ ስላልሰፈረ፣ በስሌት ለማስተካከል ቢሞከርም ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አይወገድም። እዚህ ላይ ታማኝነት ማለት ጥናቱ መመለስ የማይችለውን ጥያቄ ለይቶ መናገር ነው።

እነዚህ ሦስቱ በአንቀጹ ውስጥ እንዲህ ሊነበቡ ይችላሉ፦

«ከ420 ሕፃናት የ64ቱ ካርድ አልተገኘም። በክፍሉ መዝገብ መሠረት ከእነዚህ 13ቱ በመሞታቸው፣ በካርድ የተገኘው 11 በመቶ የሞት መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ ሁሉም ሲቆጠሩ 12.4 በመቶ ይደርሳል። የሾክ ምልክቶች በሞቱት ሕፃናት ካርድ ላይ ከዳኑት ይበልጥ ተሟልተው ስለተጻፉ፣ በሾክና በሞት መካከል ያለው ዝምድና ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ በተመዘገበባቸው 286 ካርዶች ብቻ ሲተነተን ዝምድናው ቢቀንስም ጸንቷል። በደም ሥር ፈሳሽ የተሰጠው በአብዛኛው ሾክ ውስጥ ለነበሩ በመሆኑ፣ ጥናቱ ፈሳሹ ለሞት አስተዋጽኦ አድርጓል ወይም አላደረገም ብሎ መለየት አይችልም።»

በዚህ አንቀጽ «እንደ አለመታደል» የሚል የለም፤ «ይሁን እንጂ» ብሎ የሚከላከልም የለም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምን እንደጎደለ፣ ቁጥሩን ወዴት እንደገፋው፣ አጥኚው ምን እንዳደረገና ምን እንደቀረ ይናገራል። «ጥናቱ ወደኋላ ተመልሶ የተሠራ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአንቀጹ ወጥቷል፤ ያ የጥናቱ ዓይነት እንጂ በራሱ ውስንነት አይደለም። ጥናቱ በአንድ ሆስፒታል መሠራቱም ቦታ የሚያገኘው ሆስፒታሉ በምን እንደሚለይ ከተነገረ ብቻ ነው። ለምሳሌ ከጤና ጣቢያ የተላኩ፣ ሕመማቸው የጠና ሕፃናት የሚበዙበት ሪፈራል ሆስፒታል ከሆነ፣ የሞት መጠኑ በጤና ጣቢያ ከሚጠበቀው ከፍ ይላል።

አንቀጹ ካለቀ በኋላ የጽሑፉን አጭር መግለጫና መደምደሚያ ከጎኑ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚገኘው እዚያ ነው። ውስንነቱ «መለየት አይችልም» ያለውን መደምደሚያው «በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሞትን ይጨምራል» ካለ፣ መስተካከል ያለበት የውስንነቱ አንቀጽ ሳይሆን መደምደሚያው ነው።